ወረፋውን ትተሽ ደብተሩን እዪ

ጥያቄ፦ «የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። ቅዳሜ መቀመጫ አይገኝም። ወር ሲያልቅ ግን ኪራይና ደሞዝ ከፍዬ እጄ ላይ የሚቀር ነገር የለም። ደንበኛ እየጨመረ ይሁን እየሸሸኝ በምን ልወቅ?»

እህቴ፣ ገንዘብ መቀበያው ላይ አንድ ደብተር አስቀምጪ። ሰው በመጣ ቁጥር ቀኑ፣ ስሟ፣ የስልኳ የመጨረሻ አራት ቁጥር፣ የሠራቻት ልጅና የከፈለችው ብር ይጻፍ። ስም ብቻ አይበቃም፤ ሦስት ሄለን ይኖሩሻል።

ከተመላሾች ጀምሪ። ጥቅምት ላይ የመጡትን ቁጠሪ፤ አንዷ ሦስት ጊዜ ብትመጣም አንድ ናት። ከዚያ እያንዳንዷ መጀመሪያ ከመጣችበት ቀን በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ተመልሳ እንደሆነ እዪ። ካስክ የምትገባዋ በሳምንት በሁለት ሳምንት ብቅ ትላለች፤ ሹሩባ የተሠራችው ግን ከወር በላይ ልትቆይ ትችላለች። በ30 ቀን ከቆጠርሽ ያልጠፋችውን ጠፋች ትያለሽ። ስለዚህ የጥቅምትን ሂሳብ ታኅሣሥ ሳያልቅ አትዝጊ።

ለምሳሌ 120 ሴቶች መጥተው 42 ተመለሱ እንበል። 42ን ለ120 ስታካፍዪ 35 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ግን ብዙም አይነግርሽም። አዲሶቹን ከነባሮቹ ለዪ። ከ50 ነባሮች 28ቱ ተመልሰው ከ70 አዲሶች 14ቱ ብቻ ከተመለሱ፣ ቀዳዳው አዲሶቹ ጋ ነው። ከአምስት አዲስ ሰው አራቱ ዳግም አልመጡም ማለት ነው። ቅዳሜሽን የሚሞሉት በየጊዜው የሚቀያየሩ ሰዎች ናቸው።

አሁን «የሠራቻት» የሚለውን ረድፍ እዪ። የማይመለሱት በብዛት አንዷ ልጅ ጋ ከተከማቹ፣ ካስኩን አብዝታ ታቃጥል እንደሆነ፣ ፒያስትራ ስትይዝ ምን እንደምታደርግ አጠገቧ ቆመሽ ተመልከቺ። ሁሉም ጋ እኩል ከሆነ እኔ የምጠረጥረው ወረፋውን ነው። አዲስ ሰው ሁለት ሰዓት ተጎልታ ነባር ደንበኛ ስትቀድማት ካየች፣ ቻው ብላ ትወጣለች፤ አትነግርሽም።

ሁለተኛው አማካይ ክፍያ ነው። የወሩን ገቢ የምታካፍዪው ለሰው ሳይሆን ለመጡበት ጊዜ ብዛት ነው። በወሩ 160 ጊዜ ተመጥቶ 96,000 ብር ከገባ፣ በአንድ ጊዜ 600 ብር ይሆናል። ደስ አይበልሽ ገና! ከውስጡ እያንዳንዳቸው 6,000 የከፈሉ አራት ሙሽሮች ካሉ አውጫቸው። 72,000 ለ156 ሲካፈል 462 ብር ገደማ ነው። ኪራዩንና ደሞዙን የምታስቢው በዚህ ነው፤ ሙሽራ በየወሩ አትመጣም። ለልጆቹ የሚሰጠው ጉርሻም እዚህ አይገባም።

አማካዩ ዋጋ ስለጨመርሽ ብቻ ሊያድግ ይችላል። እሱ ሲወጣ ተመላሹ ከወረደ፣ ጭማሪው ሰው እያባረረ ነው። አንቺ ግን አዲሶቹ እየሸሹ ከሆነ ዋጋውን ለጊዜው አትንኪው።

በዓል ሰሞን የመጡትን ለብቻ ያዣቸው። ለፋሲካ ብቻ የምትሠራ ሴት ብዙ ናት። ፋሲካ ደግሞ ቀኑ ስለሚለዋወጥ፣ ሚያዝያን ከሚያዝያ ሳይሆን የዘንድሮን የፋሲካ ሳምንት ከአምናው ጋር አስተያዪ።