ፓይክማን ናይትን፣ ቀስተኛ እግረኛን ለምን ያሸንፋል? ጥያቄና መልስ ስለ ጨዋታውና ስለ ታሪኩ

ናሆም፦ በኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ጨዋታ ባለ ረጅም ጦሩን እግረኛ ፓይክማን ከፈረሰኛው ናይት ጋር አንድ ለአንድ ሳጋጥመው የሚሞተው ፓይክማኑ ነው። የፈረሰኛ መድኃኒት ነው የተባለው ታዲያ የት ሄደ?

በረከት፦ አንድ ለአንድ ከሆነ ናይቱ ያሸንፋል፤ ጨዋታው አልተበላሸብህም። ያለ ተጨማሪ ማሻሻያ ቁጥሮቹን እንያቸው። የፓይክማን ምት 4 ነው፤ የናይት ጥሩር 2ቱን ይቀንሳል፤ በፈረሰኛ ላይ ብቻ የሚሠራ 22 ይጨመርና 24 ይሆናል። ናይት 100 የሕይወት ነጥብ ስላለው በ5 ምት ይወድቃል። ናይቱ በበኩሉ በየምቱ 10 እየቀነሰ 55 ነጥብ ያለውን ፓይክማን በ6 ምት ይገድላል። ምቱ በዛበት እንጂ እጁ ፈጣን ነው፦ ናይት በየ1.8 ሰከንድ ሲመታ ፓይክማን 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ሁለቱ እኩል ከጀመሩ ናይቱ ስድስተኛውን ምት የሚያሳርፈው በ9ኛው ሰከንድ ነው፤ ፓይክማኑ አምስተኛውን ለማሳረፍ እስከ 12ኛው መቆየት ነበረበት።

ነገሩ የሚገለበጠው ዋጋው ላይ ነው። ናይት 60 ምግብና 75 ወርቅ ያስወጣል፤ ፓይክማን 35 ምግብና 25 እንጨት ብቻ። በአንድ ናይት ዋጋ ሁለት ፓይክማን ታወጣለህ፣ ያውም ያለ ወርቅ። ሁለቱ አንዱን ናይት አብረው ሲወጉት በ6ኛው ሰከንድ ይሞታል። እስከዚያ ያሳረፈው 4 ምት ስለሆነ አንዱንም አልገደለም።

ስለዚህ ፓይክማኖቹ ከጦር ሰፈሩ አንድ በአንድ ሲወጡ ወዲያው ወደ ውጊያው አትላካቸው፤ ተራ በተራ ይበላሉ። ሰብስበህ ላካቸው። ደግሞም ናይት ከፓይክማን ይፈጥናል፤ ጎበዝ ተጫዋች አይገጥምህም፣ ዞሮ ገበሬዎችህ ላይ ይወርዳል። ፓይክማኖቹ ናይትን አሳድደው አይደርሱበትም። የሚጠቅሙህ ናይቱ መምጣቱ የማይቀርበት ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ እርሻና ወርቅ አጠገብ ስታቆማቸው ነው።

ሊድያ፦ ቀስተኛም እግረኛን የሚያሸንፈው እንዲሁ በልዩ ጭማሪ ነው አይደል?

በረከት፦ ግማሹ ልክ ነው። ጦር በያዙት ላይ ቀስተኛ 3 ጭማሪ አለው። በሰይፈኛ ላይ ግን ምንም ጭማሪ የለውም፤ እሱን የሚያሸንፈው በርቀትና በእግር ፍጥነት ነው። በቆየው የጨዋታው ቁጥር ቀስተኛው በሰከንድ 0.96፣ ሰይፈኛው 0.9 የካርታ ካሬ ይራመዳሉ። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም የሚተኩሱትን ሰዎች አዙረህ ጥቂት አስፈግፍገህ እንደገና ለማስተኮስ ይበቃል። አዲስ ማሻሻያ በወጣ ቁጥር እነዚህ ቁጥሮች ሊለወጡ ስለሚችሉ የአንቺን ስሪት አረጋግጪ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጊዜው ላይ ነው። ፍላጻው ከመውጣቱ በፊት ካስፈገፈግሻቸው ምቱ ይባክናል፤ ዘግይተሽ ከሆነ ደግሞ ሰይፈኞቹ ደርሰውብሻል። ከኋላሽ ጫካ ወይም ግንብ ካለ ማፈግፈጊያ የለም፤ ያኔ እዚያው ቀስተኛ በሰይፈኛ ያልቃል። ባላጋራሽ የእግረኛን ፍጥነት በ10 በመቶ የሚጨምረውን ስኳየርስ ካጠና 0.9ኙ 0.99 ይሆንና ከቀስተኛሽ ይቀድማል። ይህን ሳያዩ «ቀስተኛ እግረኛን ያሸንፋል» ብለው የሚሸነፉ ብዙ ናቸው።

ጌታቸው፦ ፈረስ የጦር አጥር ላይ ዘሎ አይገባም። ይህ በታሪክ የታወቀ ነው። እንግዲህ ጨዋታው ከታሪኩ ጋር ይስማማል ማለት ነው።

በረከት፦ ጋሽ ጌታቸው፣ ፈረሱን በተመለከተ እስማማለሁ። «ታሪኩ» የሚሉት ግን አጥሩ ሳይናወጥ ከቆመ ነው። የሚቆመውም የሚፈርሰውም ጦሩ ፈረስን ስለሚጎዳ ብቻ አይደለም። ስኮትላንድ ውስጥ በ16 ዓመት ልዩነት የተደረጉ ሁለት ውጊያዎች ይህን ያሳያሉ።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 22 ቀን 1298 በፎልከርክ የስኮትላንዱ መሪ የዊሊያም ዋላስ ሰዎች ረጃጅም ጦር ይዘው ሺልትሮን በሚባሉ አራት ጥቅጥቅ ያሉ ሰልፎች ቆሙ። የእንግሊዝ ባላባቶች በፈረስ መጡና ሰልፎቹን መስበር አቃታቸው፤ እስከዚህ ድረስ ልክ እንደ ጨዋታው ነው። ይሁን እንጂ ፈረሰኞቹ ሺልትሮኖቹን መስበር ባይችሉም በመካከላቸው የነበሩትን የስኮትላንድ ቀስተኞች በተኑ፤ የስኮትላንድ ፈረሰኞችም ጥለው ሸሹ። ያኔ የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ ቀስተኞቹን አቀረበ። ጦረኞቹ ተበትነው ቀስተኞቹ ላይ ቢሮጡ ፈረሰኛው ይገባባቸዋል፤ ተጠጋግተው ቢቆሙ ደግሞ ፍላጻው ይለቅማቸዋል። ሰልፉ ሲሳሳ ፈረሰኞቹ በክፍተቱ ገቡ።

በ1314 በባኖክበርን የስኮትላንዱ ንጉሥ ሮበርት ብሩስ ያንኑ ጦርና ያንኑ ሺልትሮን ይዞ አሸነፈ። ሰልፉን ቆሞ አላስጠበቀም፤ ወደፊት አራመደው። እንግሊዞቹ ረግረግና ጅረት በከበበው ጠባብ ቦታ ተጨናንቀው ስለነበር ከኋላ የቀሩት ቀስተኞች የራሳቸውን ሰው ሳይመቱ መተኮስ አልቻሉም። በጎን ወጥተው መተኮስ የጀመሩትን ደግሞ ከብሩስ ወገን የሆነው የሮበርት ኪት ቀላል ፈረሰኞች በተኗቸው።

ጨዋታው እዚህ ያለውን መሬት፣ ሰልፍና መተጋገዝ ጠቅልሎ 22 የሚል ቁጥር አድርጎታል። ቁጥሩ ፓይክማኑ ብቻውን ቢሆን፣ ቢሮጥ፣ ጀርባውን ቢሰጥም ይሠራል። በሜዳ ላይ ብቻውን የሚሮጥ ባለ ረጅም ጦር ግን ለፈረሰኛ እጅግ የቀለለ ሰለባ ነው።

ጌታቸው፦ መልካም። ታዲያ ፈረሱ የሚቆመው ራሱ ፈርቶ ነው ወይስ ጋላቢው?

በረከት፦ በዚህ የታሪክ ሰዎችም አልተስማሙም። ብዙዎቹ ወሳኙ ከግጭቱ በፊት ማን ልቡ ይከዳዋል የሚለው ነው ይላሉ፤ እግረኛው ከፈራና ክፍተት ከከፈተ ፈረሱ ይገባል። እኔም ወደዚያ አደላለሁ፤ ሆኖም የሠለጠነ ፈረስ ተገፍቶ የገባበት ጊዜ አልነበረም ብዬ አልከራከርም።

ኪሩቤል፦ እኔ 30 ፓይክማን ይዤ 30 ክሮስቦው የሚባሉት ቀስተኞች ጨረሱኝ። ከዚህ በላይ ምን ያህል ፓይክማን ልጨምር?

በረከት፦ ምንም አትጨምር። ከክሮስቦው ፊት ፓይክማን ማብዛት የፎልከርክን ሰልፍ ማወፈር ነው። ያለህን ይዘህ ቀስተኛን የሚቋቋመውን ጦር ወርዋሪ ስከርሚሸር ወይም ጥቂት ናይት ጨምር፤ ፓይክማኖቹን ከፊት አቁመህ ናይቶቹን በጎን ላካቸው። ኪት በባኖክበርን ያደረገው እሱን ነው። ባላጋራህ ክሮስቦውን ብቻ ካወጣ ደግሞ ፓይክማን መሥራቱን ጨርሶ ተው፤ የሚገድሉት ፈረሰኛ የለም።

ሊድያ፦ በእውነተኛው ውጊያ ቀስተኛ ሁልጊዜ እግረኛን ይጨርስ ነበር?

በረከት፦ አይደለም። በ1191 የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ በባሕር ዳርቻው ወደ አርሱፍ ሲጓዝ የሳላሃዲን ቀስተኞች እግረኞቹን እየተከተሉ ይተኩሱባቸው ነበር። ከሳላሃዲን ወገን የነበረው ባሃ አድዲን እንደጻፈው፣ ፍላጻ በጀርባቸው ተሰክቶ ሳሉ ሰልፋቸውን ሳይለቁ የሚራመዱ እግረኞች ነበሩ። ከላይ የደረቡት ወፍራም ልብስና ከሥሩ ያለው የብረት ጥሩር ፍላጻውን ይይዘው ነበር። በ1415 በአዢንኩርም የፈረንሳይ ባላባቶች በእግራቸው ጭቃውን አቋርጠው እንግሊዞቹ ጋ ደርሰዋል። ሲደርሱ ግን ደክመውና ተጨናንቀው ስለነበር ቀስተኞቹ ራሳቸው ቀስታቸውን ጥለው በመዶሻና በሰይፍ ተቀላቀሉባቸው። ፍላጻው ስንቱን ገደለ፣ ስንቱንስ ጭቃው ያዘው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ናሆም፦ ይህን ሰልፍና መሬት የሚቆጥር ጨዋታ አለ?

በረከት፦ ቶታል ዋርን ሞክር። እዚያ ጦረኞችህ ቆመው ፊታቸውን ወደ ፈረሰኛው ካዞሩ ይይዙታል፤ በጎን ወይም በጀርባ ከተመቱ ግን ያው ጦር አያድናቸውም። ሰልፍህን ስታዞር የምታጠፋው ጥቂት ሰከንድ ብዙ ጊዜ ውጊያውን ያሳጣሃል።