አሮጌ ቤት ውስጥ ግድግዳ ከመፍረሱ በፊት፦ ጥያቄና መልስ

“ኢንጂነር፣ ቤታችን አሮጌ ነው፤ ከላይ አንድ ፎቅ አለው። ሳሎኑን ከመመገቢያ ክፍሉ የሚለየውን ግድግዳ ማንሳት ፈልጌያለሁ። 3.5 ሜትር ይረዝማል። ባፈርሰው ችግር አለው?”

የላይኛው ወለል አግዳሚ እንጨቶች በየት በኩል እንደሚሄዱ ሳላይ አፍርሱት አልልም። ኮርኒሱን ጥግ ላይ ከፈት አድርገው ይመልከቱ። እንጨቶቹ ግድግዳውን አቋርጠው ካለፉ ወይም ጫፎቻቸው እላዩ ላይ ከተገናኙ፣ ተሸካሚ ነው ብለው ይነሱ። ከግድግዳው ጋር ጎን ለጎን ከሄዱ ተስፋ አለው። ያኔም ፎቁ ላይ በዚያው መስመር ሌላ ግድግዳ መቆም አለመቆሙን ያረጋግጡ።

ተሸካሚ ቢሆን ምን ያህል እንደሚሸከም እናስላ። ግራና ቀኝ ያሉት ክፍሎች 4 ሜትር ስፋት አላቸው እንበል። ከየክፍሉ በላይ ያለው ወለል ግማሽ ያህሉ እዚህ ግድግዳ ላይ ያርፋል፤ 2 ሲደመር 2፣ 4 ሜትር። ወለሉን ከነሰውና ከነዕቃው በካሬ 250 ኪሎ ብንይዘው፣ በአንድ ሜትር ግድግዳ 1,000 ኪሎ ይመጣል። በ3.5 ሜትር ደግሞ 3,500 ኪሎ።

እኔን የሚያሳስበኝ ቀጥሎ ያለው ነው። እስካሁን ይህ ክብደት በግድግዳው ርዝመት ሁሉ ተበትኖ ነበር። በቢም፣ ማለትም ክብደቱን በሚሸከም አግዳሚ ምሰሶ፣ ሲተካ ግን በሁለት ጫፍ ብቻ ይወርዳል፤ በእያንዳንዱ 1,750 ኪሎ፣ ያውም ቢሙ ራሱ ሳይቆጠር። ብዙ ሰው ስለ ቢሙ ይጨነቃል፣ ጫፎቹ ሥር ያለውን መሠረት ግን ይረሳል። እዚያ ቦታ ተቆፍሮ መታየት አለበት።

“እኔ ሳንኳኳው ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ቀጭንም ነው። እንዲህ ያለው መቼም አይሸከምም፣ አይደል?”

ባዶ ድምፅ ውስጡ ጡብ እንደሌለ ይጠቁማል፤ እስከዚህ ልክ ነዎት። ግን ቋሚ እንጨት ያለው ቀጭን ግድግዳም ወለል ይሸከማል። አሮጌ ቤት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሲሠራ ምንም ባልተሸከመ መለያ ግድግዳ ላይ፣ የላይኛው ወለል እንጨቶች በዓመታት ሲረግቡ ቀስ ብለው ይተኛሉ። ሲነሳ ከላይ ያለው ወለል ዝቅ ይላል።

“እኛ አፍርሰን ጨርሰናል፤ ሦስት ወር ሆነው። አሁን ፎቅ ላይ ያለው መኝታ ቤት በር አልዘጋ አለ። ማጠፊያውን ባስተካክለው ይበቃል?”

ማጠፊያውን አሁን አይንኩት። በሩ ያለው ከፈረሰው ግድግዳ በላይ ከሆነ ወለሉ እየረገበ ሊሆን ይችላል። ከበሩ ጥግ ወደ ላይ ሰያፍ ስንጥቅ ካለ ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክትና ቀን ይጻፉ። ስንጥቁ ምልክቱን ካለፈ ወለሉ አሁንም እየወረደ መሆኑን ይጠቁማል። ግን ያንን ሳይጠብቁ ከባድ ዕቃ ከላይ ያውርዱ፣ ከታችም ባለሙያ ጠርተው ድጋፍ ያስቁሙ። በእርጥበት ያበጠ በርም እንዲህ ያደርጋል፤ የትኛው እንደሆነ ሳላይ አልፈርድም።

“ቢሙን እስክናስገባ በአንድ በኩል ብንደግፈው አይበቃም?”

የእንጨቶቹ ጫፎች ግድግዳው ላይ ከተገናኙ አይበቃም። የሌላኛው ክፍል እንጨቶች ጫፋቸው ባዶ ላይ ይቀራል። በሁለቱም በኩል ይደግፉ፤ ድጋፉ ሥርም ጠንካራ ጣውላ ያንጥፉ። ወለሉ እንጨት ከሆነ ደግሞ ድጋፉ ከሥሩ እስከ መሬት መቀጠል አለበት።