ለውጭ ቡና ቆዪ የሚጻፍ የመጀመሪያ ኢሜይል፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለጀርመን ቆዪዎች የድርጅታችንን ታሪክና የ12 ዓይነት ቡና የዋጋ ዝርዝር አያይዤ ላክሁ። የመለሰልኝ የለም። ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ዝርዝሩ ላይ ነው። የማያውቅህ ሰው ከ12 ቡና መምረጥ ሥራ ይሆንበታል። አንድ ሎት ብቻ አቅርብና የምትጠይቀው የናሙና መላኪያ አድራሻውን ይሁን፤ ትእዛዙ ከቅምሻ በኋላ ይመጣል። እንዲህ በቂ ነው፦

«የታጠበ የኢትዮጵያ ቡና እንደምትሸጡ ድረ ገጻችሁ ላይ አየሁ። ከሻኪሶ የመጣ፣ ደረጃ 1፣ እርጥበቱ 11 በመቶ የሆነ የዘንድሮ ምርት 40 ጆንያ መጋዘናችን አለ። 300 ግራም ጥሬ ቡና በእኛ ወጪ እንላክልዎ? ቀምሰው ከወደዱት ለሙከራ 5 ጆንያ እንይዝልዎታለን።»

ርዕሱ ላይ «የትብብር ጥያቄ» አትበል፤ ቦታውን፣ ደረጃውንና የጆንያውን ብዛት ጻፍ። የቡናው ፎቶ ለጊዜው ይቆይ።

ጥያቄ፦ 5 ጆንያ ማን ይልካል? ኮንቴነር 320 ጆንያ ነው፤ ከዚያ በታች እንደማያዋጣን ቁርጡን ብንነግራቸው አይሻልም?

መልስ፦ ስለ ወጪው እውነትዎን ነው፤ የሰነዱና የወደቡ ወጪ 5 ጆንያ፣ ማለትም 300 ኪሎ ላይ ብቻ ሲያርፍ ቡናውን ያስወድደዋል። ግን ትንሽ ቆዪ ሙሉ ኮንቴነር፣ 19.2 ቶን አይገዛም። ከሌላ ዕቃ ጋር ደባልቆ መጫንም አለ፤ ቡና ሽታ ስለሚስብ አልወደውም። የሚሻለው ሃምቡርግ ያለ አስመጪ ደንበኛ ካለዎት 5ቱን ጆንያ በእሱ ኮንቴነር መጫን ነው፤ ቆዪው ከአስመጪው መጋዘን ይረከባል። አስመጪውን አስፈቅደው ስሙን ኢሜይሉ ላይ ይጻፉ።

ጥያቄ፦ እኔ ዱባይ ነኝ። እናቴ 20 ኪሎ የተቆላ ቡና ልትልክልኝ ነበር፤ በዚህ መንገድ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም እህቴ፣ ይሄ ፈቃድ ያለው ላኪ በውል የሚሸጠው ጥሬ ቡና ነው። የእናትሽን ጉዳይ ከመላኩ በፊት ጉምሩክ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ዋጋስ መጀመሪያው ላይ ይጻፍ?

መልስ፦ እኔ አልጽፍም፤ ናሙናው ሲወጣ አብሬ እልካለሁ። ስትጽፍ ግን በኪሎ ይሁን በሊብራ ለይ። በሊብራ 4.20 ዶላር ማለት በኪሎ 9.26 ነው፤ 300 ኪሎው 2,778 ዶላር ይሆናል። «4.20» ብለህ ብቻ ከተውከው እሱ በኪሎ ቢረዳው ከግማሽ በታች ነው፤ በኋላ ማስተካከሉ ያስተዛዝባል። ዋጋው ጅቡቲ ወደብ ድረስ መሆኑንም ጨምር። ቅናሽ ቃል ከመግባትህ በፊት የቡናና ሻይ ባለሥልጣንን ዝቅተኛ ዋጋ እይ፤ ውሉ እዚያ ይመዘገባል።

ሌላ አባል፦ አልስማማም። ዋጋ የሌለው ኢሜይል ቆዪውን ለአንድ ጥያቄ ሁለቴ ያጻጽፈዋል፤ እኔ ግምቱን እጽፋለሁ።

መልስ፦ ዋጋው በየዕለቱ በማይዋዥቅበት ወቅት ያስኬዳል። ግምት መሆኑንና እስከ መቼ እንደሚጸና ጻፍበት።

ጥያቄ፦ ናሙናውን ወደዱት፤ ቡናው ሲደርስ ግን «ይሄ አይደለም» አሉ። ምን ይደረግ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ናሙናው በእጅ ተለቅሞ፣ ሎቱ ደግሞ በማሽን ብቻ ተበጥሮ ሲላክ ነው። ናሙና ከተዘጋጀው ሎት፣ ከብዙ ጆንያ ተቀንሶ ይውጣ። ከመጫኑ በፊት ሁለተኛ ናሙና ላክ፤ ቆዪው በጽሑፍ ካላጸደቀው እንደማይጫን ውሉ ውስጥ ይግባ። ከዚያው ናሙና ግማሽ ኪሎ አሽገህ፣ የሎት ቁጥሩን ጽፈህ አንተ ዘንድ አስቀር። ክርክር ሲነሳ ሁለታችሁም የምትቀምሱት እሱን ነው።