ቶፉ መጥበሻ ላይ እንዳይጣበቅ

«ለጾም ቶፉ ስጠብስ መጥበሻው ላይ ተጣብቆ ይፈራርስብኛል። ዘይት ብጨምርም ያው ነው። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ጥፋቱ የውሃው ነው። እርጥብ ቶፉ የመጥበሻውን ሙቀት ይወስድበታል፤ ቅርፊት ሳይዝ ይጣበቃል።

250 ግራም ጠንካራ ቶፉ ከሆነ በንጹህ ፎጣ ጠቅልለሽ ድስት ጫኝበትና 20 ደቂቃ አቆይው። ከዚያ በላይ ካስቀመጥሽው ፍሪጅ አስገቢው፤ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ቦታ ቶሎ ይበላሻል። 2 ሳንቲ ሜትር አድርገሽ ከቆረጥሽው በኋላ ጎኖቹን ደግመሽ አድርቂ።

የብረት መጥበሻሽን ባዶውን መካከለኛ እሳት ላይ 3 ደቂቃ ያህል አሙቂ። የማያጣብቅ ቅብ ካለው ግን ባዶውን አታግዪው፣ ከዘይቱ ጋር አሙቂው። የብረቱ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጊ። ቸስ ብሎ ከጠፋ ገና ነው። እንደ ዶቃ ከተንከባለለ ደርሷል። ጠብታውን ጠርገሽ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሪ፤ ዘይቱ ሲያብረቀርቅ ቶፉውን አራርቀሽ ደርድሪ። ካጨናነቅሽው በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል።

አሁን እጅሽን ሰብስቢ! እኔ መጀመሪያ እንደ ጥብስ ቶሎ ቶሎ ሳማስለው ሁሌም ይፈርስብኝ ነበር። ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ሳትነኪው ተዪው። ከዚያ አንዱን ገፋ አድርጊው። እምቢ ካለ አትፈንቅዪው፣ 1 ደቂቃ ጨምሪለት። ወርቃማ ሲሆን ራሱ ይላቀቃል። ሌሎቹን ጎኖች 2 ወይም 3 ደቂቃ ይበቃቸዋል። ዘይቱ ከጨሰ እሳቱን ቀንሺ። ሶይ ሶስ ከፈለግሽ ካወጣሽው በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ያርሰዋል፣ ያሳርረዋልም።