ሦስተኛው ደቂቃ፦ ስለ ደም መፍሰስ ሲሙሌሽን የጠየቃችሁኝ

«ለ15 ደቂቃ የድኅረ ወሊድ ደም መፍሰስ ሲሙሌሽን ዘጠኝ ዓላማ ጽፌያለሁ። ባልደረባዬ በዝቷል አለኝ። እውነቱን ነው?»

እውነቱን ነው። ሦስት ይበቃል። ሦስቱም ጥግ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው «አደረጉት» ወይም «አላደረጉትም» ሊላቸው የሚችሉ ይሁኑ። «የደም መፍሰስ አያያዝን ይረዳሉ» የሚል ዓላማ ማንም በዓይኑ ሊያየው አይችልም።

የእኔ የመጀመሪያ ዓላማ ችግሩን በጊዜ ማወቅና ጮክ ብሎ መናገር ነው። የተለካው ደም 500 ሚሊ ሊትር ሲደርስ መናገር አለባቸው፤ 300 ሞልቶ የልብ ምቷ ከ100 ከበለጠ ወይም የደም ግፊቷ ከወረደ ደግሞ 500ን አይጠብቁም። ሁለተኛው ዓላማ ሕክምናውን ጎን ለጎን መጀመር ነው። ማህፀን ማሸት፣ ኦክሲቶሲን፣ 1 ግራም ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ የደም ሥር ፈሳሽ፣ ከዚያም ምንጩን ፈልጎ መመርመር፤ አንዱ ይሥራ አይሥራ ብሎ ሳይጠብቁ ሌላውን መጀመር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመው፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ የተካሄደው ኢ-ሞቲቭ የተባለ ጥናት ደምን በመለካትና እነዚህን በአንድነት በመስጠት ከባድ የደም መፍሰስንና መዘዙን በ60 በመቶ ቀንሷል። ሦስተኛው ዓላማ ሥራን በስም ማዘዝና የታዘዘው ሰው መልሶ እንዲያረጋግጥ ማድረግ ነው።

መንስኤውም አንድ ይሁን፤ የላላ ማህፀን። የተቀደደ የማህፀን ጫፍና የቀረ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ለሌላ ቀን ይቆዩ።

«እናቷን የምትጫወተው ባልደረባዬ ናት። ስክሪፕቷን እንዴት ልጻፍላት? ባለፈው ገና ከመጀመሩ ስለጮኸች ተማሪዎቹ ምንም ሳያስቡ ደነገጡ።»

ስክሪፕቱን እንደ ቲያትር ቃለ ተውኔት አይጻፉት፤ እንደ ሰዓት ይጻፉት። በየሦስት ደቂቃው ሰውነቷ ምን እንደሚያሳይ፣ እሷ ምን እንደምትል፣ ተማሪዎቹ ምን ካደረጉ መንገዱ እንደሚቀየር ይስፈር።

የምሠራበትን ልስጥዎ። የ27 ዓመት ሴት ናት፤ ሦስተኛ ልጇን ከ20 ደቂቃ በፊት በምጥ ወልዳለች። ምጧ ረጅም ስለነበር በኦክሲቶሲን ታግዟል፤ ሕፃኑ 4.1 ኪሎ ነው። እንግዴ ልጁ ሙሉ ሆኖ ወጥቷል፤ እንደወለደች 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን በጡንቻዋ ተሰጥቷታል። ሽንት ግን ከወለደች አልሸናችም። ይህን ካርዱ ላይ አልጽፍም፤ ከእሷ አፍ እንዲወጣ እፈልጋለሁ።

ሲጀመር ከሥሯ በተነጠፈው መለኪያ ባለው ላስቲክ 250 ሚሊ ሊትር አለ፤ የልብ ምቷ 96፣ የደም ግፊቷ 118/74 ነው። በእርጋታ «ሆዴን ከታች ከብዶኛል፤ ሽንቴም መጥቶ ነበር» ትላለች፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ጥያቄ ካልተነሣ አትደግመውም።

ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ደሙ 350፣ ምቷ 108፣ ግፊቷ 110/70 ነው። «ትንሽ ደከመኝ፤ ሕፃኑን ያዙልኝ» ትላለች። የሲሙሌሽኑ ልብ ይህች ደቂቃ ናት። ግፊቱ ደህና ስለሚመስል ብዙ ተማሪ ያልፋታል። ወጣት ሴት ደም ስታጣ መጀመሪያ የሚፈጥነው ልቧ ነው፤ ግፊቷ የሚወርደው ብዙ ካጣች በኋላ ነው። ምቱን ለላይኛው ግፊት ብናካፍለው 0.98 ይመጣል፤ አንድን ሲያልፍ ደወል ነው፣ እዚህ ደፉ ላይ ደርሷል።

ሕክምናውን አሁን ከጀመሩ ማህፀኑ ይጠነክራል፤ ደሙ ግን ሙሉ በሙሉ የሚቆመው ፊኛዋ በካቴተር ሲራገፍ ነው። የሞላ ፊኛ ማህፀኑን ወደ ላይና ወደ ጎን ስለሚገፋው ቢያሹትም እንደገና ይላላል። ካልጀመሩ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ 600፣ ምት 122፣ ግፊት 98/60 ይሆናል፤ ቃሏ ያጥራል፣ «ውኃ… ጠማኝ» ትላለች። ዘጠነኛው ላይ 900፣ 134፣ 84/50። ያኔ ቃል አይኖርም፤ ዓይኗን ትከድናለች፣ ሲጠሯት ዘግይታ ትመልሳለች። ጩኸት የለም። ብዙ ደም ያጣች ሴት ጸጥ ትላለች፤ ተማሪዎቹ ይህን ጸጥታ አንድ ጊዜ መስማት አለባቸው።

ስለ ተዋናይቷ ደኅንነት አንድ ነገር ልጨምር። ማህፀኑ የሚታሸው በምትታጠቀው ሞዴል ሆድ ላይ ነው፤ መርፌው የሚገባው አጠገቧ ባለው የላስቲክ ክንድ ነው። በእርግጥ ካመማት ሁሉንም የሚያስቆም አንድ ቃል ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ተማሪዎቹም ይወቁት።

«መለኪያ ያለው ላስቲክ ባይኖርስ? ቀይ ውኃ አንሶላ ላይ አፍስሼ ገምቱ ብላቸውስ?»

ለግምት ልምምድ ይጠቅማል፤ ለዚህ ሲሙሌሽን ግን አይሆንም። ዓይን የደምን መጠን አሳንሶ ያያል፣ ልምድ ያለውም ሰው ቢሆን። ላስቲክ ከሌለ ቀዩን ውኃ ሚሊ ሊትር በሚያሳይ ዕቃ ሰብስቡ፤ የራሰውን ጨርቅ መዝኑና የደረቁን ክብደት ቀንሱ፣ 1 ግራም በግምት 1 ሚሊ ሊትር ነው። ደሙን በአንድ ጊዜ አታፍስሱት፤ ቀስ ብሎ የሚንጠባጠበው ነው የሚያታልለው።

«ትራኔክሳሚክ አሲድ በ10 ደቂቃ ነው የሚሰጠው። ሲሙሌሽኑ 15 ደቂቃ ነው። ተማሪዎቹ በአንድ ትንፋሽ ገፍተው ይጨርሱታል።»

እንዳይለምዱት እዚያው አስቁሟቸው። በእውነተኛ ሰዓት ቀስ ብለው ይጀምሩ፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ እርስዎ «ሰዓቱ 10 ደቂቃ ዘለለ» ይበሉና አዲሱን ምትና ግፊት ያስታውቁ። መድኃኒቱ ከወሊድ በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት የወለደችበትን ሰዓት ማን እንደሚጠይቅ ይመልከቱ።

«ከዘገዩ እናቷ ትሙት?»

አትሙት። ሞት ከዓላማዎቻችሁ አንዱ ካልሆነ ውይይቱን ይውጠዋል። ዘጠነኛው ደቂቃ ካለፈ ከፍተኛ ባለሙያ ሆነው ይግቡና «ምን አላችሁ?» ይበሉ፤ የሚሰጡት ሪፖርት ራሱ መማሪያ ነው።

«በደብሪፊንግ "እንዴት ነበር?" ስል "ጥሩ ነበር" ይሉኝና ዝም ይላሉ። ምን ልጠይቅ?»

መጀመሪያ የተሰማቸውን በአንድ በአንድ ቃል ይናገሩ፤ ልባቸው ገና እየመታ ስለሆነ ይህ ሳይወጣ ማሰብ አይጀምሩም። ከዚያ አንዷ ተማሪ ታሪኩን እንደ ተረካቢ ፈረቃ ታውራ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር እንዳላየ ያኔ ይታወቃል።

ቀጥሎ ያዩትን ብቻ ይናገሩና ይጠይቁ። ለምሳሌ፦ «ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ምቷ 108 መሆኑን ስትጽፊ አየሁሽ፤ እርዳታ የጠራሽው ግን ስድስተኛው ላይ ነው። በመካከሉ ምን እያሰብሽ ነበር?» ለምን እንደዘገየች አስቀድመው አይበይኑ። አንድ ጊዜ «አልደፈርሽም» ብዬ የደመደምኩባት ተማሪ፣ ለካ 500 ሳይሞላ መጥራት ስሕተት ነው ተብላ ተምራ ነበር። ችግሩ ድፍረት አልነበረም፤ ቁጥሩ ነበር። ያን ቀን ባልጠይቃት ኖሮ ትታረም የነበረው ያልታመመችበት ቦታ ላይ ነበር።

ሌሎቹ ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ማህፀኑ ጠንክሮ እንደገና ሲላላ ምን መሰላችሁ? ሽንቴ መጥቶ ነበር ስትል ማን ሰማ፣ የሰማውስ ለማን ተናገረ? «ኦክሲቶሲን ስጡ» ሲባል ማን ነበር የታዘዘው? ለእያንዳንዱ መልስ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ፤ ዝምታውን እናንተ አትሙሉት። ለ15 ደቂቃ ልምምድ ቢያንስ 30 ደቂቃ ውይይት ያዙ።

የመጨረሻውን ቃል ለተዋናይቷ እሰጣታለሁ። «ሁላችሁም ስትሯሯጡ ማን አነጋገረኝ?» ብላ ትጠይቃቸው። ባለፈው ዙር ካቴተሩን ያስገባችው ተማሪ ብቻ ነበረች ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብላ «ደም እየፈሰሰሽ ነው፣ እያቆምነው ነው፣ አጠገብሽ ነኝ» ያለቻት። ሌሎቹ ያንን ዐረፍተ ነገር ደብተራቸው ላይ ቃል በቃል ጻፉት።