ያለ ገመድ የሚቆራረጠውን ስክሪን በገመድ መመርመር

«አንድሮይድ ስልኬን በአንድሮይድ አውቶ ያለ ገመድ ከመኪናዬ ስክሪን ጋር አገናኛለሁ። መጀመሪያ ደህና ነው። ያለ ገመድ ቻርጅ የሚያደርገው ቦታ ላይ አስቀምጬው ትንሽ ከሄድኩ በኋላ ግን ካርታው ይንቀራፈፋል፣ ከዚያ ጭራሽ ይቋረጣል። ዘፈን ስቀይርም ዘግይቶ ነው የሚሰማው። ኬብል ብገዛም ቻርጅ ከማድረግ ውጪ ስክሪኑ ላይ ምንም አያመጣም። ስክሪኑን ላስቀይረው?»

አያስቀይሩት፤ ገና ነው። የጻፉልኝ ሦስት ነገር ነው፣ የሦስቱም ምክንያት የተለያየ ነው።

ከዘፈኑ ልጀምር። ብሉቱዝ እዚህ ሥራው ስልኩንና መኪናውን ማስተዋወቅ ነው። ከዚያ በኋላ ምስሉም ድምፁም የሚሄደው በዋይፋይ ነው። ካርታውን የሚሠራው ስልክዎ ነው፤ እንደ ቪዲዮ ጨምቆ ይልከዋል፣ ስክሪኑ ፈትቶ ያሳያል። ድምፁ እንዳይቆራረጥ ደግሞ ትንሽ አስቀድሞ ተጠራቅሞ ነው የሚጫወተው። ዘፈን ሲቀይሩ የተጠራቀመው እስኪያልቅ አንድ ሁለት ሰከንድ ቢያስጠብቅዎት ብልሽት አይደለም። በሴቲንግም አይጠፋም፣ ይተዉት።

የካርታው ነገር ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ደህና ሆኖ ቆይቶ የሚበላሽ ከሆነ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ሙቀትን ነው። ስልኩ በአንድ ጊዜ ጂፒኤስ ይከታተላል፣ ካርታ በዳታ ያወርዳል፣ ቪዲዮ ይጨምቃል፣ በዋይፋይ ይልካል። ያለ ገመድ ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ከኃይሉ የተወሰነው ወደ ሙቀት ይቀየራል፤ ያ ሙቀት በስልኩ ጀርባ በኩል ይገባል። ስልክ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ካርታው የሚንቀራፈፈው ያኔ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። በሚቀጥለው ጉዞ ስልኩን እዚያ ቦታ ላይ አያስቀምጡት። ከቨሩን አውልቀው፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ፣ ቢቻል አየር ማስወጫው አጠገብ ያድርጉት። በዚያው መንገድ ሳይቆራረጥ ከሄደ ጥፋቱ ተገኘ ማለት ነው። በነበረበት ሲያስቀምጡት ደግሞ ጀርባውን ይንኩት። ከጋለ፣ የስልኩ ስክሪን ከደበዘዘ ወይም ቻርጅ ማድረጉን ካቆመ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሙቀቱ ካልሆነስ? ያኔ ኬብል ያስፈልገናል፣ ለመመርመሪያም ጭምር። የገዙት ውስጡ የኃይል ሽቦ ብቻ ያለው፣ የዳታ ሽቦ የሌለው ሳይሆን አይቀርም። ኮምፒውተር ላይ ይሰኩት። ስልኩ ፋይል ማስተላለፍ ይፈልጉ እንደሆነ ካልጠየቀዎትና ኮምፒውተሩም ካላወቀው ኬብሉ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከአንድ ሜትር ያልበለጠ፣ ዳታ የሚያስተላልፍ ኬብል ይግዙ። ውድ ነው፣ ፈጣን ነው በሚል ገንዘብ አይጨምሩ፤ ተራው ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ እስከ 480 ሜጋቢት ያስተላልፋል፣ ለዚህ ምስል ከበቂ በላይ ነው። ማራዘሚያና ማከፋፈያ ግን አያስገቡበት።

መሰኪያውንም ይዩ። ብዙ መኪኖች ላይ ዳታ የሚያልፈው በአንዱ ብቻ ነው፤ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ለቻርጅ ብቻ ናቸው። የስልኩ ቀዳዳ ውስጥ የኪስ ብናኝ ተጠቅጥቆም ኬብሉ በደንብ ላይገባ ይችላል። ስልኩን አጥፍተው በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብለው ያውጡት።

አሁን በደህና ኬብል ረጅም መንገድ ይንዱ። በኬብል ሰላም ሆኖ ያለ ገመድ ብቻ የሚቋረጥ ከሆነ ችግሩ ዋይፋዩ ላይ ነው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ሲደርሱ ከሆነ የሚቋረጠው፣ እዚያ አካባቢ የሚረብሸው ሌላ ሞገድ አለ፤ እርስዎ የሚያደርጉት ብዙም የለም። የትም የሚቋረጥ ከሆነ ግን የስልኩን ሆትስፖት፣ ቪፒኤንና የባትሪ ቆጣቢውን ያጥፉ። በስልኩ ሴቲንግ አንድሮይድ አውቶን ፈልገው ባትሪው ላይ Unrestricted የሚለውን ይምረጡ፤ አለበለዚያ ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ሊያቋርጠው ይችላል። በመጨረሻ መኪናውን ከስልኩ፣ ስልኩንም ከመኪናው ዝርዝር ሰርዘው እንደ አዲስ ያገናኙ። ከአንዱ ብቻ ሰርዞ እንደገና ማገናኘት ብዙ ጊዜ ችግሩን እንዳለ ይተወዋል።

ለረጅም መንገድ እኔ ብሆን ኬብሉን ነው የምመርጠው። ባትሪውም ይሞላል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል።

ደህናው ኬብል ላይም ከተቋረጠ የሌላ ሰው ስልክ ይሞክሩበት። እሱም ከተቋረጠ መጀመሪያ የስክሪኑን ሶፍትዌር ያሳድሱ። ካልተስተካከለ ባለሙያው ስክሪኑን ከመንካቱ በፊት ከመሰኪያው ወደ ስክሪኑ የሚሄደውን ሽቦ ይፈትሽልዎት። ከስክሪኑ በጣም ይረክሳል።