ሠላሳ፣ አርባ፣ አምሳ ከሚሉን ሰዎች እውነተኛውን ዕድሜ ማግኘት

ጥያቄ፦ «ለመጀመሪያ ጊዜ ለቤት ለቤት ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ገጠር ወጥቻለሁ። ዕድሜ ስጠይቅ ሁሉም ማለት ይቻላል 30፣ 40፣ 50 ይሉኛል፤ ሌላው ደግሞ አላውቅም ይላል። ሰው ለምን ዕድሜውን ያጠጋጋል ወይም ይዋሻል? እንዴት ብዬ ብጠይቅ ይሻላል?»

መልስ፦ በመረጃ ሰብሳቢነትም በተቆጣጣሪነትም ለብዙ ዓመታት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ካየሁት ተነሥቼ ስናገር፣ የተሳሳተ ዕድሜ ከሚነግሩን ሰዎች አብዛኞቹ እየዋሹ አይደሉም። ዕድሜያቸውን በቁጥር እንዲይዙ የሚያስገድዳቸው ነገር በኑሯቸው አልገጠማቸውም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ዛሬ አዋቂ የሆነ የገጠር ሰው የልደት ምስክር ወረቀት ሳይኖረው ማደጉ የተለመደ ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ቀኑ ይከበራል፤ የተወለደበት ዕለት ሚካኤል ይሁን ማርያም እናቱ ዕድሜ ልኳን አትረሳውም። ዓመተ ምሕረቱን ግን የሚጠይቃት ስለሌለ አትይዘውም። ስለዚህ ወሩንና ቀኑን የሚያውቅ፣ ዓመቱን ግን የማያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ ያጋጥምዎታል።

እንዲህ ያለ ሰው ሲጠየቅ እዚያው በቆመበት ይገምታል፤ ግምት ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ሙሉ ቁጥር ያዘነብላል፤ መጀመሪያ በዜሮ፣ ቀጥሎም በአምስት ወደሚያልቀው። ግምቱ የባሰ የሚሆነው አንድ ሰው ለቤተሰቡ ሁሉ ሲመልስ ነው። አባወራው የራሱን «አርባ አምስት» ካለ በኋላ የሚስቱን «ሠላሳ አምስት»፣ የእናቱን «ሰባ» እያለ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳል። እኔ በተቆጣጣሪነት ቅጽ ስመለከት፣ በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ አዋቂዎች ሁሉ ዕድሜያቸው በዜሮና በአምስት ካለቀ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው እንዳልተጠየቁ እጠረጥራለሁ፤ መረጃ ሰብሳቢውም ተመልሶ እያንዳንዳቸውን እንዲጠይቅ እልከዋለሁ።

ሆን ተብሎ የሚነገር የተሳሳተ ዕድሜም አለ። አቅጣጫው የሚወሰነው ሰውየው ከጠያቂው በሚጠብቀው ወይም በሚፈራው ነገር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ከ18 ዓመት ጀምሮ ስላደረገው፣ ቀደም ብላ የተዳረች ልጅ ያለችበት ቤት የልጅቷን ዕድሜ ከፍ አድርጎ ይናገራል። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ልትሄድ ያሰበች ልጃገረድም እንደዚሁ ትጨምራለች። የብሔራዊ ውትድርና ዘመንን ያሳለፈ ቤተሰብ ወጣት ወንድ ልጅን ሲያስመዘግብ ዛሬም ያመነታል፤ ያኔ የሚፈለገው ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ነበርና። ባለጉዳዩ ሽማግሌ ሲሆን ደግሞ ዕድሜ ክብር ስለሆነ ሰባ አምስቱ ዘጠና ይሆናል። እነዚህን ሰዎች በመውቀስ የሚገኝ እውነት የለም። የሚረዳው መንገድ መሪ ሆኖ ያመጣዎትን የቀበሌ ሰው ከግቢው ውጭ እንዲጠብቅ በትሕትና መጠየቅ፣ መልሱ ለግብርም ለእርዳታም ለክስም እንደማይውል በግልጽ መናገር፣ ዕድሜንም ገና በር ላይ ቆመው አለመጠየቅ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ምክንያት ነው፤ እሱም መረጃ ሰብሳቢው ራሱ ነው። የሴቶች መጠይቅ ከ15 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ብቻ የሚሞላ ከሆነ፣ «ሃምሳ ሊሆነኝ ነው» ያለችውን ሴት 50 ብሎ መጻፍ ረጅም ቃለ መጠይቅ ያስቀራል። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ስለ ክትባት፣ ስለ ተቅማጥና ስለ አመጋገብ ብዙ ገጽ የሚጠየቅ ከሆነም፣ አራት ዓመት ከአሥር ወር የሆነው ልጅ «አምስት» ተብሎ ይመዘገባል። ማንም በግልጽ አይዋሽም፤ ነገር ግን ድካሙ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይገፋል። ይህ በሰንጠረዥ ላይ ወዲያው ይታያል፤ የ4 ዓመት ልጆች አንሰው የ5 እና የ6 ዓመት ልጆች ከበዙ፣ ወይም ከ50 እስከ 54 ያሉ ሴቶች ከ45 እስከ 49 ካሉት ከበለጡ፣ ችግሩ ያለው መልስ ሰጪዎቹ ጋ አይደለም።

አሁን ወደ አጠያየቁ ልምጣ። ወደ መስክ ከመውጣትዎ በፊት የአካባቢውን የክስተቶች መዘርዝር ያዘጋጁ። አገር አቀፍ የሆኑትን ሁሉም ያውቃቸዋል፦ የ1966ቱ አብዮት፣ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ፣ በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ የሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ የ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ፣ በ1990 የፈነዳው የባድመ ጦርነት፣ ምርጫ 97፣ የ2000 ዓ.ም. ሚሌኒየም በዓል። ከነዚህ ይልቅ የሚጠቅሙት ግን የአካባቢው የራሱ ክስተቶች ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ የተከፈተበት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ የታደሰበት፣ ድልድዩ የተሠራበት፣ አንበጣ የወረደበት ዓመት። እነዚህን ቢያንስ ከሁለት ለየብቻ ከተጠየቁ ሽማግሌዎች ያጣሩ፤ አንድ ላይ ከጠየቋቸው ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይደግማል።

በጥያቄው ቅደም ተከተል መጀመሪያ የተወለዱበትን ወርና ዓመተ ምሕረት፣ ቀጥሎ «ስንት ዓመት ሞላዎት?» ብለው ይጠይቁ። ልደት በማይከበርበት ቤት «ባለፈው ልደትዎ» ማለት ትርጉም የለውም። «ሠላሳ ይሆንዎታል አይደል?» ብለው ፈጽሞ አያቀብሉ፤ ጨዋ ሰው እንግዳ የሚለውን አይቃወምም። ሁለቱ መልሶች ካልተስማሙ ወይም ዓመቱ ካልታወቀ ወደ ክስተቶቹ ይሂዱ።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ጊዜው ሚያዝያ 2008፣ ቦታው ሰሜን ወሎ ነው። መልስ ሰጪዋ የተወለዱበትን ዓመት አያውቁም፤ ዕድሜያቸውን «ሠላሳ» አሉ፤ አማታቸውም ከጓዳ «ከሠላሳ አትበልጥም» ብለው አጸኑላቸው። «በድርቁ ጊዜ ተወልደው ነበር?» ብዬ ስጠይቅ፣ «እናቴ አዝላኝ እህል ልትቀበል ትሄድ ነበር፤ ገና ድክ ድክ ማለቴ ነበር ይሉኛል» አሉ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ በወሎ «ድርቁ» ሲባል የ1965 እና የ66ቱም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ስጠይቅ፣ «ሰው ለሰፈራ የተወሰደበት ነው» አሉ፤ ስለዚህ የሰባ ሰባቱ ነው፤ እርዳታውም በብዛት የገባው በ1977 መጀመሪያዎቹ ወራት ነበር። የተወለዱበትን ሰሞን ደግሞ «ለኅዳር ጽዮን» ብለው ያውቁታል። በዚያን ጊዜ ድክ ድክ የምትል ልጅ አንድ ዓመት ገደማ ስለሚሆናት፣ የተወለዱት በኅዳር 1976 ነው። ኅዳር ከሚያዝያ በፊት ስለሚያልፍ፣ ከ2008 ላይ 1976 ሲቀነስ የሚገኘው 32 የሞላ ዕድሜያቸው ነው፤ ልደታቸው በሰኔ ቢሆን ኖሮ ገና 31 ይሆኑ ነበር።

በዚህ ብቻ ሳላበቃ በሌላ መንገድ ፈተንሁት። የተዳሩት ወንድማቸው ወደ ባድመ በዘመተበት በ1991 ነው፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ሚሌኒየሙ በተከበረበት ዓመት በሰባት ዓመቱ አንደኛ ክፍል ገብቷል፤ ስለዚህ የተወለደው በ1993 አካባቢ ነው። በ15 ዓመታቸው ተድረው በ17 ዓመታቸው ወልደዋል ማለት ነው፤ ይህም ከ32 ጋር ይስማማል። ነገር ግን ጋብቻውና ልጁ ብቻቸውን 30 መሆናቸውንም አይክዱም ነበር፤ 30ን ያስቀረው ድርቁ ነው፤ በ1978 የተወለደ ሰው በ1977 ሊታዘል አይችልምና። መዘርዝሩ የሚጠቅመው ክስተቱ ሁለቱን ግምቶች መለየት ሲችል ነው፤ የማይለይ ክስተት ቢደረደር ጊዜ ከመፍጀት በቀር አይረዳም።

መታወቂያ ካለ ይመልከቱ፤ ግን እንደ መጨረሻ ዳኛ አይውሰዱት። በቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለው ዕድሜ ብዙ ጊዜ ያው ሰውዬ በሌላ ቀን የገመተው ነው። የሕፃናት የክትባት ካርድ ግን በጊዜው የተጻፈ ስለሆነ የበለጠ ይታመናል። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንን የሚጠይቅም፣ በሰነድ ላይ የልደት ቀኑ ጃንዋሪ 1 ሆኖ ካገኘው፣ ቀኑ ሲመዘገብ በግምት የተሞላ ሊሆን እንደሚችል ያስብ። የዘመን አቆጣጠሩንም ይጠንቀቁ፤ ኅዳር 1976 በፈረንጆቹ 1983 መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ታብሌትዎ በፈረንጆች አቆጣጠር የሚያሰላ ከሆነና 1976ን እንዳለ ካስገቡት፣ የ32 ዓመቷን ሴት 39 ወይም 40 ያደርጋታል። ቁጥሩ ሊሆን የሚችል ስለሚመስል ይህ ስሕተት በቀላሉ አይያዝም።

የቡድንዎን ሥራ ለመመርመር የዊፕል መለኪያ የሚባለው ቀላል ነው። ከ23 እስከ 62 ዓመት ያሉትን ይቁጠሩ፤ ከነሱ መካከል ዕድሜያቸው በዜሮና በአምስት የሚያልቀውን በ5 አባዝተው ለጠቅላላው ያካፍሉ፤ ከዚያም በ100 ያባዙ። ለምሳሌ ከ1,000 ሰዎች 380ዎቹ በዜሮና በአምስት ካለቁ፣ ውጤቱ 190 ይሆናል። ምንም ማጠጋጋት ከሌለ ወደ 100 ይጠጋል፤ ሁሉም ካጠጋጋ 500 ይሆናል፤ 175 እና ከዚያ በላይ እጅግ ደካማ ከሚባለው ይመደባል። ሆኖም መለኪያው ሁሉም ዕድሜውን በሁለት ዓመት ቢቀንስ አያውቅም፤ ከ49 ወደ 51 የተገፋችውን ሴትም አያይም። የአንድ መረጃ ሰብሳቢ ውጤት ሰነድ በሌለበት ቀበሌ በትክክል 100 ከመጣም አልደሰትም፤ «30» የተባለውን 31 ወይም 29 እያደረገ ከራሱ እየበተነ ሊሆን ይችላልና፣ ከሞላቸው ቅጾች ጥቂቶቹን ይዤ እቤታቸው ሄጄ እንደገና እጠይቃለሁ።

ይህን ሁሉ አድርገው ሳይገኝ ሲቀር ቦታውን ባዶ አይተዉ። ከክስተቶቹ የደረሱበትን ግምት ይጻፉ፤ ግምት መሆኑንና በየትኛው ክስተት እንደተመሠረተ በማስታወሻው ቦታ ያመልክቱ። ዕድሜያቸው ከሰባ በላይ በሆኑት አረጋውያን ላይ ጥሩ መዘርዝርም ቢሆን ከሁለትና ከሦስት ዓመት የተሻለ ላያቀርብዎት ይችላል፤ እዚያ ላይ ሰውን ግማሽ ሰዓት ማድከም ተገቢ አይደለም። ያንን ግማሽ ሰዓት በ15 እና በ49 ድንበር ላይ ላሉት ሴቶችና አምስት ዓመት ሊሞላቸው ለተቃረቡት ሕፃናት ያውሉት፤ አንድ ዓመት ስሕተት የጥናቱን ውጤት የሚለውጠው በእነሱ ላይ ነው።